የማዕከላችን ኮምፒውተሮች ወደ ዩኢኤፍአይ ይቀየሩ ወይስ ባሉበት ይቆዩ?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ የሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 10ን የሚያስነሱት በአሮጌው የማስነሻ ዘዴ፣ በሌጋሲ ነው። ዊንዶውስ 11 እንዲጫንባቸው ወደ አዲሱ ዘዴ፣ ወደ ዩኢኤፍአይ ይቀየሩ ወይስ ባሉበት ይቆዩ?

መምህር ከሽምብጥ፦ ይቀየሩ ባይ ነኝ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ሆኖም በባዮሱ፣ ማለትም በማሽኑ መነሻ ቅንብር ውስጥ ያለው የማስነሻ ምርጫ ሲቀየር ዲስኩ ስለሚጠፋ፣ የወጣቶቹ ሥራ አስቀድሞ ይገልበጥ።

የጥገና ባለሙያ፦ መምህር፣ መገልበጡ ተገቢ ነው፤ ምርጫውን መቀየር ግን ብቻውን ምንም አያጠፋም። ሌጋሲ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ እዚያ ላለው ኮድ ሥራውን ያስረክባል። ዩኢኤፍአይ በአንጻሩ በፋት32 በተዘጋጀች ትንሽ ክፍል ውስጥ የማስነሻ ፋይል ይፈልጋል። በሌጋሲ የተጫነ ዲስክ ይህች ክፍል ስለሌለችው፣ ማሽኑ የሚነሳበት ነገር አጥቶ ይቆማል፤ ወደ ሌጋሲ ሲመልሱት ግን እንደ ቀድሞው ይነሳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይለወጥ፤ መጀመሪያ ዲስኩ ለዩኢኤፍአይ ወደሚስማማው አከፋፈል ይቀየር፣ ቀጥሎ የባዮሱ ምርጫ። ዲስኩ ለመቀየር ብቁ መሆኑን በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ ትእዛዝ መስጫ መፈተሽ ይቻላል፦

```
mbr2gpt /validate /disk:0 /allowFullOS
```

ፈተናውን ካለፈ `/validate` የሚለው በ`/convert` ተተክቶ ትእዛዙ ይደገማል። ዲስኩ አራት ዋና ክፍሎች ካሉት ወይም የተራዘመ ክፍል ካለው ግን ፈተናውን አያልፍም። ይኸው መሣሪያ ዲስኩን ወደ ቀድሞው አይመልስም፤ ለዚህ ነው ቅጂው የሚያስፈልገው።

ፎቶ ቤት፣ ጣና ዳር፦ የእኔ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዊንዶውስም አይነሳም። ዲስኩ ሞቷል ተብያለሁ። ይህ ለውጥ ያድነው ይሆን?

የጥገና ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ይመስላል። የቦርዱ ባትሪ ሲደክም ሰዓቱም የባዮሱ ምርጫም ወደ ፋብሪካው ይመለሳሉ፤ የፋብሪካው ምርጫ ዩኢኤፍአይ ከሆነና የእርስዎ ዊንዶውስ በሌጋሲ ከተጫነ፣ ደህናው ዲስክ የሞተ ይመስላል። ባትሪውን ቀይረው ምርጫውን ወደ ሌጋሲ ይመልሱት፣ ከዚያ በኋላ በዲስኩ ላይ ይፍረዱ። ሲነሳ `msinfo32` ብለው ቢከፍቱ፣ `BIOS Mode` በሚለው መስመር ያሉበትን ያያሉ።

የኮሚቴ አባል፦ እኔ ግን አልተስማማሁም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ እና የተፈቀደ ፕሮሰሰርም ይጠይቃል። እነዚህ ከሌሉ በማይጫን ሲስተም ምክንያት የሚሠራ ማሽን ማስነካት ለምን?

የጥገና ባለሙያ፦ ለእነዚያ ማሽኖች ክርክርዎ ያስኬዳል። አንድ ስጋት ልጨምርልዎ፤ ሌጋሲን የሚደግፈው `CSM` ሲዘጋ፣ ዩኢኤፍአይን የማያውቅ የቆየ ግራፊክስ ካርድ ያለበት ማሽን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል።

መምህር ከሽምብጥ፦ ድጋፍ የሌለውን ሲስተም ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ማቆየቱን ግን አሁንም አልቀበለውም። ፕሮሰሰራቸው የተፈቀደው ስንቶቹ ናቸው?