«ጠርዝ ላይ ብቻ ነው» ስለተባለው የጭጋግ ባግ

በጌማችን ዩኒቶችህ የማያዩትን ካሬ ጭጋግ ይሸፍነዋል፤ ክርክሩ ይህ ጭጋግ መገለጥ የሌለበትን ካሬ ስለመግለጡ ነው።

«ጭጋጉ የተሳሳተ ካሬ የሚገልጠው ዩኒቱ ማፑ ጠርዝ ላይ ሲቆም ብቻ ነው። ለሁለቱም ተጫዋች እኩል ስለሆነ ፍጻሜውን አሁን ባለው ቨርዥን እንጫወታለን። ከዚያ በኋላ ይስተካከላል።» (አቤል፣ የውድድሩ አዘጋጅ፣ ትናንት ማታ)

ማህሌት፦ ይህን አንብቦ ሁሉም ዝም ማለቱ ነው ያናደደኝ። ግማሽ ፍጻሜውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። ከምሥራቅ የጀመረው ልጅ ቃኚውን የመጨረሻው አምድ ላይ አቁሞ ንቅንቅ አላደረገውም። ቃኚ የሚያየው ሁለት ካሬ ነው። እሱ ግን ማፑን ተሻግሮ የምዕራቡን ሰፈር ያይ ነበር። ቀስተኞች ሲሠሩ አየ፣ ፈረሰኛ አዘጋጀ፣ አሸነፈ። ጠርዝ ላይ የቆመው ቃኚው ነው፤ የተጋለጠው ግን የሌላው ሰው ሰፈር ነው። «ብቻ» የሚባለው የቱ ላይ ነው?

አቤል፦ ማህሌት፣ ልጁን ሌባ አታስመስዪው። ቃኚን ጠርዝ ላይ ማቆም የሚከለክል ሕግ የለም። ባጉ ደግሞ በሁለቱም በኩል አለ። የምዕራቡም ተጫዋች ጠርዝ ላይ ቢያቆም ምሥራቅን ያያል።

ቢኒ፦ ሰዎች፣ ይሄ እኮ አያጨቃጭቅም። የጭጋጉ ቴክስቸር Wrap Mode ላይ Repeat ተደርጎ ስለተተወ ነው። Clamp አድርጉትና እንተኛ። እኔም ፕሮጀክት ላይ እንዲሁ ገጥሞኝ በዚሁ ተስተካክሏል።

ጋሽ ታዬ፦ ቢኒ፣ አንተ ያልከው ባግ በእርግጥ አለ፤ ይሄ ግን እሱ አይደለም። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። የቴክስቸሩ ሲሆን ብርሃኑ በተቃራኒው ጠርዝ በዚያው ረድፍ ላይ ይወጣል፤ ያውም የካሬ ግማሽ የምታህል የደበዘዘች መስመር ናት። ዓይን ያታልላል እንጂ ጠላት አያሳይም። እዚህ ግን ሙሉ ካሬ ነው የተገለጠው፣ እላዩ ላይ የቆመው ቀስተኛም ሲነካ ጉልበቱን ያሳያል። ከሁሉም በላይ ቪዲዮውን አቁመህ ረድፎቹን ቁጠር። ቃኚው ረድፍ 12 ላይ ነው። ምዕራብ ላይ የተገለጠው ግን ከ11 እስከ 15 ነው፣ ከ10 እስከ 14 አይደለም። አንድ ረድፍ ወደ ታች ወርዷል። ቴክስቸር ረድፍ አያወርድም።

ቢኒ፦ ረድፍ መውረዱን አላየሁም ነበር፣ ጥሩ። ግን ለምን ይወርዳል?

ጋሽ ታዬ፦ ማፑ በኮዱ ውስጥ 40 በ30 ሰንጠረዥ ሆኖ አልተቀመጠም። 1200 ካሬ በአንድ ረጅም መስመር ተደርድሮ ነው ያለው፤ ቦታው የሚገኘው ረድፉን በ40 አባዝቶ አምዱን በመደመር ነው። ቁጥሩ ከ0 ስለሚጀምር የመጨረሻው አምድ 39 ነው። ቃኚው እዚያ፣ ረድፍ 12 ላይ ቆሟል እንበል። ወደ ቀኝ ሁለት ካሬ ሲመለከት አምድ 40ን እና 41ን ይጠይቃል። እነዚህ የሉም። ሒሳቡ ግን አለመኖራቸውን አያውቅም፦ 12 ሲባዛ በ40፣ ሲደመር 41፣ 521 ይሆናል። 521 ደግሞ የረድፍ 13፣ የአምድ 1 ቦታ ነው። አምስት ረድፍ በሁለት አምድ፣ አሥር ካሬ በስጦታ ማለት ነው። ከግራ ጠርዝ ሲሆን በተቃራኒው አንድ ረድፍ ወደ ላይ ይወጣል።

ሮቤል፦ እኔ ሲቪላይዜሽን ስጫወት ከምሥራቅ ጫፍ ምዕራብን አያለሁ፣ ማንም ባግ ብሎት አያውቅም። ዓለም ክብ ናት። ይህን ለምን ስህተት አደረጋችሁት?

ማህሌት፦ ሮቤል፣ እዚያ መርከብህም ጫፉን አልፎ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ማፑ በእርግጥ የተጋጠመ ነው። ያውም የምታየው በዚያው ረድፍ ላይ ነው። የእኛ ማፕ ዙሪያውን ገደል ነው። ዩኒት በማያልፍበት ዓይን የሚያልፍበት ምክንያት የለም።

ኪሩቤል፦ ስሜ ስላልተጠራ አመሰግናለሁ፣ ግን ያንን ፋይል መጨረሻ የነካሁት እኔ ስለሆንኩ ልናገር። ኮዱ የድንበር ፍተሻ አለው። «ሳይፈትሹ ጻፉት» እየተባለ በሌላ ግሩፕ የሚወራው ልክ አይደለም።

```
int i = y * width + x;
if (i >= 0 && i < tiles.Length)
    tiles[i].visible++;
```

ጌሙ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ይዘጋ ነበር። ይህ ከገባ በኋላ አንድም ጊዜ አልተዘጋም።

ጋሽ ታዬ፦ የሚዘጋበት ምክንያት ይሄው ባግ ነበር እኮ፣ ኪሩቤል። ጥግ ላይ፣ ረድፍ 29 አምድ 39፣ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ሲጠየቅ 1200 ይወጣል፤ የመጨረሻው ቦታ ደግሞ 1199 ነው። ስለዚህ ጮኸ። ከጥጎቹ ርቆ ባለው የምሥራቅና የምዕራብ ጠርዝ ግን የሚወጣው ቁጥር ከ0 እስከ 1199 መካከል ስለሆነ የአንተን ፍተሻ በሰላም ያልፋል። የገባው ፍተሻ የሚጮኸውን ጥግ ዝም አሰኘ፣ ዝም የሚለውን ጠርዝ እንዳለ ተወው። መፈተሽ ያለበት ድምሩ አይደለም። x እና y ገና ሳይደመሩ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ነው፦

```
if (x < 0 || x >= width || y < 0 || y >= height)
    continue;
```

ኪሩቤል፦ ጌሙ በየጨዋታው እየተዘጋ ሰው ሲሳደብ ይሻል ነበር? በወቅቱ የተጠየቅሁት መዘጋቱን እንዳስቆም ነው፣ አስቆምኩ። ከኔ በኋላ ያንን ኮሚት ያጸደቀውም ሰው አለ።

ሰላም፦ የማን ኮሚት እንደሆነ መቁጠር አሁን ምን ይጠቅማል? ደግሞ continue ከማለት ቁጥሩን ወደ ጠርዙ መልሱት፤ 40ም 41ም 39 ይሁኑ። ካሬው ዞሮ ዞሮ የሚታይ ነው፣ ምንም አይጎዳም።

ጋሽ ታዬ፦ ሜዳ ላይ አይጎዳም፣ ልክ ነሽ። ተራራ ሲኖር ይጎዳል። ቃኚው አምድ 39፣ ረድፍ 12 ላይ ነው፤ ከሥሩ ረድፍ 13 ላይ ተራራ አለ፤ ከተራራው ኋላ ረድፍ 14 ላይ ጠላት ተደብቋል። ቀጥታ ሲያይ ተራራው ይጋርደዋል። ወደ አምድ 41፣ ረድፍ 14 ሲያይ ግን መስመሩ የሚያልፈው በአምድ 40 ነው። አምድ 40 የለም፣ የሌለ ቦታ ላይ ደግሞ ተራራ የለም። ስለዚህ «ይታያል» ይላል። አንቺ ያልሽው ያንን 41 ወደ 39 ይመልሰዋል፣ የተደበቀውም ይገለጣል። አንዱን ባግ በሌላ መተካት ይሆንብናል።

ሰላም፦ ተራራውን አላሰብኩትም። ቢሆንም ከአሁኑ ይሻላል።

አቤል፦ እሺ፣ ምክንያቱ ታወቀ፣ ማስተካከያውም አንድ መስመር ነው። የኔ ጥያቄ ግን መቼ ነው የሚገባው የሚለው ነው። ሪፕሌዮቻችን ቪዲዮ አይደሉም፣ የትእዛዝ ዝርዝር ናቸው፤ ሲከፈቱ ጌሙ እንደገና ያሰላቸዋል። በእኛ ሕግ ዩኒት አዲስ ጠላት ካየ ጉዞውን ያቋርጣል። ጭጋጉን ስትለውጡት ማን መቼ እንደቆመ ይለወጣል፤ የግማሽ ፍጻሜዎቹ ሪፕሌይ ከመሐል ጀምሮ ሌላ ጨዋታ ይሆናል። ቅሬታ ላላቸው ተጫዋቾች ማስረጃችን እሱ ነው።

ማህሌት፦ ይሄ የመጀመሪያው እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ግን የጻፍከው እሱን አይደለም። የጻፍከው «እኩል» ነው። እስቲ እኩልነቱን እንየው። የምዕራቡ ዋና ሰፈር ከአምድ 0 እስከ 2 ነው፣ ጠርዙ ላይ ተጣብቋል። የምሥራቁ አምድ 34 ላይ ነው። ከምዕራብ ጠርዝ የቆመ ቃኚ በባጉ ሊገልጥ የሚችለው አምድ 38ን እና 39ን ብቻ ነው፤ እዚያ ያለው ሣር ነው። አንዱ ሰፈር ያያል፣ ሌላው ሣር ያያል። ይሄ ነው እኩል?

አቤል፦ ጎን የሚመረጠው በዕጣ ነው። ዕጣው ለሁለቱም እኩል ነው።

ማህሌት፦ ዕጣው እኩል ነው፣ ማፑ አይደለም። ከዕጣው በኋላ አንዱ ተጫዋች ሰፈሩ ተገልጦ ነው የሚጫወተው።

ቢኒ፦ ሪፕሌዩ ችግር ከሆነ ቨርዥን ቁጥሩ ፋይሉ ውስጥ አለ አይደል? ለድሮዎቹ የድሮውን ስሌት፣ ለአዲሶቹ አዲሱን ያስኬድ። ሁለቱንም መያዝ ይቻላል።

ኪሩቤል፦ ይቻላል። ግን ስህተት መሆኑን እያወቅን ኮዱ ውስጥ ለዘላለም ልናኖረው ነው። ሴቭ የተደረጉትም አሉ፤ አንዴ የተገለጠ ካሬ «የታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ፓቹ ቢገባም መልሶ አይሸፍነውም። ከፍጻሜው ሦስት ቀን ሲቀረው ይህን ሁሉ እኔ አልነካም።

ሮቤል፦ ስለ «የታወቀ» ካነሳችሁ፣ ቃኚዬ ከሄደ በኋላ ካሬው ግራጫ ሆኖ የሚቀረውስ? እሱም ባግ ነው አይደል?

ሰላም፦ አይደለም ሮቤል፣ እሱ ሆን ተብሎ ነው። መሬቱን ታስታውሳለህ፣ ዩኒቱን አታይም። ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስም እንዲሁ ነው።

አቤል፦ ለፍጻሜው ብቻ፣ ኮዱን ሳንነካ፣ የመጨረሻው አምድ ላይ ዩኒት ማቆም ይከልከል። ተጫዋቾቹን ጠይቄ ላሳውቃችሁ።

ጋሽ ታዬ፦ አንድ አምድ አይበቃም። ቃኚው አምድ 38 ላይ ቢቆምም 40ን ይጠይቃል፤ ያ አምድ 0 ሆኖ ይወጣል። ለቃኚ 38 እና 39 ሁለቱም መዘጋት አለባቸው። ማማ ደግሞ አራት ካሬ ያያል። ለማማ ከ36 ጀምሮ ነው።

አቤል፦ ለዩኒት ሁለት አምድ ይከልከል እሺ። አንዱ ተጫዋች ተስማምቷል፣ የሌላውን እየጠበቅሁ ነው። ማማን ግን መከልከል አልችልም፤ አምድ 36 ላይ የወርቅ ጉድጓዱ አለ፣ የምሥራቁ ተጫዋች ያለ ማማ እንዴት ይጠብቀው?

ማህሌት፦ ስለዚህ ቃኚውን ከልክለህ በማማው እንዲያይ ልትፈቅድለት ነው። የምዕራቡ ተጫዋች ይህን ያውቃል? ተስማማ የተባለው የትኛው ነው?

አቤል፦ ስም እዚህ አልጠቅስም።

ማህሌት፦ ስም አልጠየቅሁም። ጎኑን ነው የጠየቅሁህ።

ኪሩቤል፦ ዕጣው ገና አልወጣም፣ ጎን የላቸውም።

ማህሌት፦ እንግዲያው ዕጣው ሳይወጣ ለሁለቱም ስለ ማማው ይነገራቸው። እዚሁ ግሩፕ ላይ፣ በጽሑፍ።