ሁለቱ መልስ ገጠመልኝ ሦስተኛው እምቢ አለ (ስቴም ኤንድ ሊፍ፣ አስቸኳይ!)

ማሂ፦ ሰላም ቤተሰብ ድረሱልኝ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ኩዊዝ አለብን። ልጆቹ የሃንድአውቱን ፎቶ ግሩፕ ላይ ለቀውት ነበር ግን የመብራቱ ነጸብራቅ መሃሉ ላይ አርፎበታል፣ የሚታየኝን እኔው ልጻፍላችሁ

```
2 | 4 7 7
3 | 0 5 5 5 8
4 | 1 1 3 6 6 9
5 | 2 2 7 8
6 | 0 3 3
7 |
8 | 5
```

መልሱ ከታች ሚዲያን 46፣ Q1 35፣ Q3 57 ይላል። እኔ ሚዲያኑንም Q1ንም ልክ አገኘሁ፣ Q3 ግን ሦስቴ ሰርቼው ሦስቴም 58 ነው የሚመጣው። መልሱ ተሳስቷል አይደል?

ባሻ፦ ግንድና ቅጠል ከሆነ ግብርና ዲፓርትመንት ጠይቂ 😂

ኪያ፦ መልሱስ ተሳስቷል ግን Q3 ላይ አይደለም። ቅጠሎቹን ቁጠሪያቸው 22 ናቸው። 22 ሲሆን ሚዲያኑ የ11ኛውና የ12ኛው አማካይ ነው፣ 11ኛው 43 ነው 12ኛው 46 ነው፣ ስለዚህ 44.5። Q3 57 ልክ ነው። ሚዲያኑን ነው የተሳሳቱት።

ማሂ፦ 22 ከየት መጣ?? እኔ የቆጠርኩት 15 ነው

ጋሽ ደምስ፦ ልጄ፣ እኔ በጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ አስተምሬያለሁ፣ እናንተ ልጆች ግን ፎቶ ማንሳት እንጂ ደብተር ላይ መገልበጥ ትታችኋል። 15 ያልሽው የተደጋገመውን አንድ ጊዜ ብቻ እየቆጠርሽ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ተማሪዎች ግቢ ለመድረስ የፈጀባቸው ደቂቃ ቢሆኑ 35 ሦስት ጊዜ ተጻፈ ማለት ሦስት ልጆች 35 ደቂቃ ፈጀባቸው ማለት ነው። ሁለቱን ልጆች የት አደረስሻቸው? ሁሉንም በአንድ መስመር ዘርዝረሽ ጻፊና ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ እየሰረዝሽ ወደ መሃል ነዪ።

ማሂ፦ እሺ ጋሼ ግን በኔ አቆጣጠር ሁለቱ መልስ እንዴት ገጠመ? ስህተት ከሆነ ሁሉም መሳሳት ነበረበት

ቤቲ ዘሃዋሳ፦ ማሂዬ እሱ ዕድል ነው። ድግግሞሹን አውጥተሽ ከ15ቱ 8ኛውን ስትወስጂ 46 ላይ አረፍሽ፣ 4ኛውን ስትወስጂ 35 ላይ፣ 12ኛው ግን 58 ሆነ። 35ና 46 ብዙ ጊዜ ስለተደጋገሙ አንድ ሁለት ቦታ ብትስቺም እዛው ቁጥር ላይ ነው የምትወድቂው። 57 ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሳትሽ ማለት አለፍሽው። ስለዚህ ስህተትሽ የታየው እዛ ላይ ነው እንጂ እዛ ላይ ብቻ አልነበረም።

ኪያም ቸኩሏል። ፎቶው ላይ n ስንት ነው የሚለው? ከላይ ወይም ከታች መጻፍ አለበት።

ማሂ፦ ውይ አዎ n = 23 ይላል ከላይ

ቤቲ ዘሃዋሳ፦ በቃ አንድ ቅጠል ነጸብራቁ በልቶብሻል። እኔ ቢሮ ውስጥ ከፎቶ ፎርም ወደ ኮምፒውተር የምገለብጥ ሰው ነኝ፣ ከመደመሬ በፊት ሁሌ የማደርገው ቆጥሬ ከ n ጋር ማስተያየት ነው። የታተመ ሃንድአውት ከሆነ ቅጠሎቹ እኩል ተራርቀው ነው የሚቀመጡት። አሁን ፎቶውን አጉዪና የ3 መስመር መጨረሻ ላይ ያለችውን 8 ያዥ፣ እሷ 5ኛ ናት። የ4 መስመር መጨረሻ ላይ ያለችው 9 ከሷ በአንድ ቦታ ነው የምትርቀው ወይስ በሁለት?

ማሂ፦ በሁለት!! በ6ና በ9 መሃል ነጭ ነገር አለ፣ 6 ይመስላል ግን 8ም ሊሆን ይችላል አይለይም

ቤቲ ዘሃዋሳ፦ አትጨነቂ አይጎዳሽም። ቅጠሎቹ በቅደም ተከተል ስለሆኑ ያችኛዋ ከ46 አታንስም ከ49 አትበልጥም። 23 ሲሆን ሚዲያኑ 12ኛው ነው። በየመስመሩ እየደመርሽ ሂጂ፦ 2 ላይ 3 አሉ፣ 3 ላይ 5 ሲጨመር 8። ከዛ 4 መስመር ውስጥ 9ኛው 41፣ 10ኛው 41፣ 11ኛው 43፣ 12ኛው 46። የጠፋችው ከዚያ በኋላ ነው ያለችው፣ ምንም ትሁን ምን ሚዲያኑ አይነቃነቅም።

ከዛ ያችን 46 አንዷን ብቻ አውጫት (ሌሎቹን 46ቶች እንዳትነኪ)። ከታች 11 ከላይ 11 ቀሩ፣ የየግማሹ መሃል 6ኛው ነው። ከታች 24፣ 27፣ 27፣ 30፣ 35፣ 35፣ ስለዚህ Q1 35። ለ Q3 ከመጨረሻው ወደኋላ ቁጠሪ፣ 85፣ 63፣ 63፣ 60፣ 58፣ 57። ነጸብራቁ ጋ ሳትደርሺ ጨረስሽ።

ዳዊት ኬ፦ እኔ 24 ነው ያገኘሁት፣ 7 ጎን ምንም ስለሌለ 70 ብዬ ቆጠርኩት አይባልም እንዴ

ቤቲ ዘሃዋሳ፦ አይባልም። ባዶ ማለት ሰባዎቹ ውስጥ ማንም የለም ማለት ነው። 70 ቢኖር 0 ይጻፍ ነበር፣ 6 ጎን ያለችውን 0 እያት።

ኪያ፦ እኔ ያልኩት ግን ልክ ነበር፣ ቅጠሎቹን ቁጠሪያቸው ነው ያልኩት

ባሻ፦ ኪያ ቅጠሉን እንጂ ነጸብራቁን አልቆጠረም 😂😂

የማርታ አባት (ሜሪላንድ)፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባና እኔ 23ቱንም (የጠፋችውን 46 ብዬ) ኤክሴል ላይ አስገብቼ `=QUARTILE.INC(A1:A23,3)` ብዬው ነበር 54.5 ነው የሚለኝ፣ 57ም 58ም አይደለም። ልጄ እዚህ ሰባተኛ ክፍል ናት ይሄንኑ ሰርታ ካልኩሌተሯ ላይ 57 አለች፣ ማንኛችን ነን ትክክል?

ጋሽ ደምስ፦ 54.5 ነው ትክክሉ። ሚዲያኑን ለሁለቱም ግማሽ ማካፈል ነው ወጉ። 12፣ 12 ይሆናሉ፣ የላይኛው ግማሽ መሃል በ52ና በ57 መካከል 54.5።

ቤቲ ዘሃዋሳ፦ ጋሼ በአክብሮት፣ ያ የስታቲስቲክስ ሊቁ ጆን ቱኪ የተከተለው መንገድ ነው አይካድም፣ ኤክሴሉም በሌላ ስሌት እዚሁ ላይ ደረሰ። ግን የትምህርት ቤቱ TI-84 መሃሉን አውጥቶ ነው የሚሰራው፣ 57 የሚለው ለዛ ነው። `QUARTILE.EXC` ብለው ቢሞክሩት ደግሞ ኤክሴሉ ራሱ 57 ይልዎታል። ሁለቱም አለ፣ የማሂ አስተማሪ የቱን እንደሚከተል ግን መልሱ ራሱ ይናገራል። Q1 በሁለቱም 35 ስለሚሆን አያሳብቅም፣ 6ኛውም 7ኛውም 35 ናቸውና። Q3 ላይ ግን 57 ብሏል፣ ስለዚህ መሃሉን የሚያወጣ ሰው ነው።

ጋሽ ደምስ፦ እኔ ብፈትናት 57 ላይ ግማሽ ማርክ ነበር የምሰጣት።

ባሻ፦ ጋሼ ጡረታ ወጥተው ማርክ ይቀንሳሉ 🙈

ማሂ፦ አገኘሁት አገኘሁት 57 መጣልኝ!! ቤቲዬ ተባረኪ። ግን ኩዊዙ ላይ ቁልፍ `4 | 6 = 4.6` ብሎ ቢመጣስ አካሄዱ ይቀየራል?

ቤቲ ዘሃዋሳ፦ አቆጣጠሩ አይቀየርም፣ መጨረሻ ላይ 46 ያልሽውን 4.6 ትይዋለሽ 57ን 5.7። ቁልፉን ግን ፎቶው ላይ ቆርጠው ካወጡት ጠይቂ፣ 46 ይሁን 4.6 የሚለይልሽ እሱ ነው።

የማርታ አባት (ሜሪላንድ)፦ ቤቲ ተባረኪ፣ EXC ብዬው 57 አለ። ሌላም አለችኝ፣ የልጄ ቀጣዩ ጥያቄ ግንዱ መሃል ሆኖ ቅጠሉ ግራና ቀኝ ነው፣ የግራው `9 6 5 5 | 3` ተብሎ ተገልብጦ ነው የተጻፈው፣ 39 ነው መጀመሪያ የሚቆጠረው?

ኪያ፦ ቅጠሎቹን ቁጠራቸው

ዳዊት ኬ፦ ከግንዱ ነው ወደ ውጭ የሚነበበው መሰለኝ፣ 35፣ 35፣ 36፣ 39። ቤቲ ትምጣና ታረጋግጥ

የማርታ አባት (ሜሪላንድ)፦ ማሂ ኩዊዙስ እንዴት ነበር?