የሩሲያውን ንጉሥ ጴጥሮስን «ታላቁ» ያለው ማን ነው?

ናሆም ዘፒያሳ፦ «ታላቁ ጴጥሮስ የተባለው ህዝቡ ስለወደደው ነው። ኢቫንንም አስፈሪው ያለው ያው ህዝብ ነው፤ ህዝብ አይሳሳትም።» ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ እንግዳ እንዲህ አለ፤ አዘጋጁም ዝም ብሎ አለፈው። በጣም ነው የተናደድኩት። የትኛው ህዝብ ነው?

ራሔል፦ ህዝቡን የጠየቀው የለም። ሩሲያና ስዊድን ሃያ አንድ ዓመት ተዋግተው እ.ኤ.አ. በ1721 ኒስታድ ላይ ታረቁ። ከዚያ ሴኔቱና ሲኖዶሱ ተመካከሩና ማዕረጉን አዘጋጁ። በድሮው የሩሲያ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ቀን ፒተርስበርግ በሥላሴ ካቴድራል ቅዳሴ ተቀደሰ፤ የሰላም ውሉም ተነበበ። ቻንስለሩ ጎሎቭኪን ጴጥሮስ ፊት ቆሞ ንግግር አደረገ። «የአገር አባት፣ የመላው ሩሲያ ንጉሠ ነገሥት፣ ታላቁ ጴጥሮስ» የሚለውን ስም እንዲቀበል በሴኔቱ ስም ለመነው። ቀኑም ቦታውም ተናጋሪውም ይታወቃል።

ዳዊት የሐረሩ፦ ይኸው ራስሽ ተናገርሽው፤ ለመኑት! እሱ መጀመሪያ አልፈልግም ብሎ ነበር። ለምነውት ነው የተቀበለው። ስም ፈላጊ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ራሔል፦ ለማኞቹን እያቸው። ሴኔቱን በ1711 ያቋቋመው ማን ነው? ራሱ ጴጥሮስ። ሲኖዶሱንስ? በዚያው በ1721 መጀመሪያ እሱው ነው ያቋቋመው። ሁሉም የሱ ሹመኞች ናቸው። የሾመህን ሰው «ታላቅ ነህ» ብለህ ብትለምነው ልመናህ የህዝብ ድምፅ አይሆንም።

ዳዊት የሐረሩ፦ ሹመኛ ሁሉ ውሸታም ነው ማለት ነው? ስዊድንን ማሸነፉ እውነት ነው። የባልቲክን ባሕር መያዙ እውነት ነው። ለምነውታል፤ የሚለመንበት ሥራ ስለሠራ ነው።

ናሆም ዘፒያሳ፦ ዳዊት፣ ጥያቄው ይገባዋል አይገባውም አይደለም። ማን ሰጠው ነው።

ጋሽ ከበደ፦ ልጆች፣ እኛም አገር አለ እኮ። የአያቴን ስም መንደሩ ረስቶት በፈረስ ስሙ ብቻ ነበር የሚጠራው። ሹመኛም ሴኔትም አላዘዘም።

ራሔል፦ ጋሼ፣ የፈረስ ስም ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ለፈረሱ ያወጣዋል። አባ ዳኘው የምኒልክ የፈረስ ስም ነው። ህዝብ የሰጠው ካሉኝ «እምዬ» የሚለውን ይጥቀሱ፤ እሱን በአዋጅ የሰጣቸው የለም።

ጋሽ ከበደ፦ እሱስ ልክ ነሽ። እኔም የምለው ህዝብ ሲሰጥ እንዲህ ነው ነው።

ቤቲ፦ የጴጥሮስም ህዝብ ስም አውጥቶለት ነበር! የቤተ ክርስቲያኑን ለውጥ ያልተቀበሉት የአሮጌው ሥርዓት አማኞች «ሐሳዊ መሲሕ» ይሉት ነበር። ጢም ያስላጨ፣ የአዲስ ዓመቱን ቀን የቀየረ ንጉሥ ለእነሱ ሌላ ሊሆን አይችልም። ያኛው ስም ለምን መጽሐፍ ላይ አልቀረም? ማኅተሙ በማን እጅ እንደነበር ማየት ነው።

ዳዊት የሐረሩ፦ ስለ ጴጥሮስ ክፉ አታውሩ። የእኛን ልጅ አብርሃም ሃኒባልን ክርስትና ያነሳ፣ ያስተማረ ሰው ነው። የፑሽኪን ቅድመ አያት!

ቤቲ፦ የእኛ መሆኑስ መች ተረጋገጠ? ካሜሩን አካባቢ ነው የተወለደው የሚሉ አሉ።

ዳዊት የሐረሩ፦ የተወለደው እዚሁ በእኛ ሰሜን፣ ሎጎን ነው! አዲስ አበባ የፑሽኪን ሐውልት ያለው ለምን መሰለሽ?

ናሆም ዘፒያሳ፦ ኧረ ወደ ነገራችን። ኢቫንስ?

ራሔል፦ በ1584 ሲሞት «አስፈሪው» የሚባል ማዕረግ አልነበረውም። ስሙ የተጣበቀበት በኋላ ነው፤ ያጸኑት በተለይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎች ናቸው። የሩሲያ ታሪክ ጸሐፊው ካራምዚን በ1821 ባሳተመው ዘጠነኛ ጥራዙ መጨረሻ ላይ የጻፈው ለሬዲዮው እንግዳ መልስ ነው። በዘመኑ የነበሩት ኢቫንን «አሰቃዩ» ብለውት ነበር ይላል። ህዝቡ ግን ያንን ረሳና ያስታወሰው «አስፈሪው» የሚለውን ስም ብቻ ነው። ያም ስም ለአያቱ ለሦስተኛው ኢቫን ሙገሳ ሆኖ ሲነገር የነበረ ነው። ስለዚህ ህዝቡ ያቆየለት የለዘበውን ስም ነው።

ዳዊት የሐረሩ፦ ካራምዚን ራሱ የንጉሠ ነገሥቱ የአሌክሳንደር የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ነበር። የጴጥሮስን ሹመኞች አላምንም ብለሽ የአሌክሳንደርን ሹመኛ ታምኛለሽ?

ራሔል፦ ሹመኛ ሆኖም የነገሥታቱን ግፍ ነው የጻፈው። ልዩነቱ እሱ ነው።

ቤቲ፦ እዚህ ላይ ዳዊት እውነት አለው። «አሰቃዩ» ይሉት ነበር የሚለውን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው የነገረን።

ናሆም ዘፒያሳ፦ ሩሲያን የገዛችውን ካትሪንንም ጨምሩ። በ1767 ራሷ የጠራቻቸው የሕግ ጉባኤ ተወካዮች «ታላቋ» ብለው አቀረቡላት። ይህን ጊዜና መጪው ትውልድ ይፍረዱት ብላ አልተቀበለችም። ዛሬ ግን ሁሉም ታላቋ ካትሪን ነው የሚላት።

ዳዊት የሐረሩ፦ በቃ! እምቢ ብላም ተሰጣት፤ ህዝብ ሰጣት ማለት ነው።

ራሔል፦ መጀመሪያ ያቀረቡላት ራሷ የጠራቻቸው ሰዎች መሆናቸውን አሁንም ዘለልከው።

ዳዊት የሐረሩ፦ አልዘለልኩም። ለመኗት፣ እምቢ አለች።