የካሳ አቤቱታዬ ውድቅ የተደረገበትን ውሳኔ ቅጂ እንዴት ላግኝ?

ጠያቂ (ጅማ)፦ ቤቴ ለመንገድ ማስፋፊያ ከሚነሱት አንዱ ነው። በካሳ ግምቱ ላይ ለአቤቱታ ሰሚው ያቀረብኩት አቤቱታ ውድቅ መሆኑ በቃል ተነገረኝ፤ የውሳኔውን ቅጂ ስጠይቅ ግን «የውስጥ ሰነድ ነው፣ አይሰጥም» ተባልኩ። ቅጂውን እንዳገኝ የሚደግፈኝ የትኛው ሕግ ነው?

ተስፋዬ፦ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። አዋጁን ጠቅሰው ይጠይቁ፣ እምቢ ሊሉ አይችሉም።

ወይዘሮ ሰዓዳ፦ እኔም በውርስ ያገኘሁትን ቤት ካርታ ቅጂ ለማግኘት ብዙ ተመላልሻለሁ፤ በመጨረሻ የሰጡኝ የወራሽነት ማረጋገጫዬን ከፍርድ ቤት አውጥቼ ሳቀርብ ነው። እርስዎም መጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ይሻላል።

ጫላ (ጠበቃ)፦ ወይዘሮ ሰዓዳ፣ የእርስዎ ጉዳይ ወራሽነትን ማረጋገጥ ስለነበረ መንገዱ ይለያል። አቶ ተስፋዬ የጠቀሱት አዋጅ ደግሞ የፌዴራል ተቋማትን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን እንጂ የኦሮሚያ ክልልን መሥሪያ ቤቶች አይገዛም፤ ጅማ ላይ እሱን ብቻ ይዞ መቅረብ ጥያቄውን ያዳክማል።

ጠንካራው መሠረት በየትኛውም እርከን ያሉ የመንግሥት አካላትን የሚመለከተው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው፤ የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ በሌላ አዋጅ ቢተካም የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አልተሻረም። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል፣ ምላሹም ቢበዛ በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ እምቢታውም ቢሆን ምክንያቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። «የውስጥ ሰነድ ነው» የሚል የቃል መልስ ይህን አያሟላም። ከተከለከሉ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመልክቱ።

ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው የአቤቱታዎን ቁጥርና ቀን ይጥቀሱ፤ «ውድቅ የተደረገበት ውሳኔና የንብረት ግምት ሰነዱ በማኅተም ተረጋግጦ ይሰጠኝ» ብለው ይጻፉ። አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ይህ ማኅተም ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው፤ በኋላ ከቅጂው ይልቅ የሚያስፈልግዎ እሱ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱም ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ የሚቀርበው ይግባኝ የ30 ቀን ገደብ አለው፤ የሚቆጠረውም ውሳኔው በጽሑፍ ከደረሰዎት ጀምሮ ነው። ይሁንና ጽሑፍ አልደረሰኝም ብለው በዚህ ብቻ አይተማመኑ፣ በቃል ከተነገረዎት ቀን ቆጥረው ይግባኙን ያስገቡና ማኅተም ያለበትን ማመልከቻ ያያይዙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ መዝገቡ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቀርብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 መጠየቅ ይቻላል።

ጠያቂ፦ የገማቾቹን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤስ መጠየቅ እችላለሁ?

ጫላ፦ መጠየቁ ይገባል፣ ነገር ግን የውስጥ ውይይትን የሚከልል ድንጋጌ ስላለ ሊከራከሩዎት ይችላሉ። ሙሉው ከተከለከለ፣ ቢያንስ የቤትዎ ስፋትና የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ የተሰላበት ክፍል ተለይቶ እንዲሰጥዎ ይጻፉ።

ተስፋዬ፦ እኔ ግን ቃለ ጉባኤውን በሙሉ የተቀበለ ጎረቤት አለኝ። ከቢሮ ቢሮ አሠራሩ ይለያያል መሰለኝ።