ከሥራ ለተቀነሱ አባሎቻችን የብድር እፎይታ፦ ለጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ

ሰላማዊት (ጸሐፊ)
ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሰባት አባላት የሚሠሩበት ፕሮጀክት የለጋሽ ገንዘብ ስለተቋረጠበት ሰባቱም በአንድ ቀን የስንብት ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ደንባችን ደግሞ አባል ከሥራ ሲወጣ ቀሪ ብድሩ በሙሉ ከመጨረሻ ክፍያው ይቆረጣል ይላል። ያንን አንቀጽ ያጸደቅነው በፈቃዱ ሥራ የሚለቅ ሰው አስበን ነበር። ለጉባኤው ማሻሻያ እናቅርብ። ሀና ቁጥሮቿን እንድናይ ፈቅዳለች፣ ከእሷ እንጀምር።

ሀና
ልክ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዜ 24,000 ብር ነው፣ በዚያ ላይ 3,000 ብር የትራንስፖርት አበል አለኝ። የማኅበሩ ቀሪ ብድሬ 45,000 ነው። ስንት እንደሚከፈለኝ ማንም አልነገረኝም። «መጀመሪያ ክሊራንስ ጨርሺ» ብቻ ነው የሚሉኝ። ጋሽ ተስፋዬ፣ እስቲ ያስሉልኝ።

ዳዊት
ሀናዬ፣ ጡረታ ይቆረጥብሽ ስለነበር የስንብት ክፍያ የለሽም ብዬ እፈራለሁ። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ግን ይገባሻል። 27,000ን በሁለት አባዢው።

ጋሽ ተስፋዬ
ዳዊት፣ ሁለት ወር ያልከው ልክ ነው። በቅነሳ ለሚሰናበት ሰው ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው። ሌላው ያልከው ግን ስህተት ነው። የጡረታ ጉዳይ የሚነሳው ሰው ዕድሜው ደርሶ ሲወጣ ነው። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ጡረታ ቢቆረጥበትም የስንብት ክፍያውን ያገኛል። አበልም ደመወዝ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ የምናሰላው በ24,000 ነው።

ሀና፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ያው 24,000 ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። 8,000 በ5 ዓመት 40,000 ይመጣል። ድምሩ 64,000 ሆነ። ብዙ ሂሳብ ሠራተኛ እዚህ ላይ ያቆማል። ምክንያቱ ቅነሳ ወይም የድርጅቱ መዘጋት ሲሆን ግን የ60 ቀን ደመወዝ ተጨማሪ አለ፣ 48,000። ሁሉም ሲደመር 112,000 ነው። ማስጠንቀቂያውን ሳትሠሪ በገንዘብ ከከፈሉሽ ደግሞ ሌላ 48,000 አለሽ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድም ይከፈላል።

ይህ ሁሉ ከታክስ በፊት ነው። የማስጠንቀቂያው 48,000 ተጨምሮ 160,000 ቢሆን፣ ታክሱና ጡረታው ተቆርጦ 115,000 ገደማ እጅሽ ይገባል ብለሽ አስቢ። ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቂያቸው።

አበባየሁ
ጋሼ፣ እኔም ከሰባቱ አንዱ ነኝ። የእኔ ውል ግን በየዓመቱ የሚታደስ ነው። የመጨረሻው በዚህ ወር 30 ያልቃል። «ቅነሳ አይደለም፣ ውልህ አለቀ» አሉኝ። ብድር ላይ ስለምታወሩት ምንም አይገባኝም፣ ብድር የለብኝም። እኔ የምጠይቀው ይህ 60 ቀን ለእኔም ይሠራል ወይ ነው።

ጋሽ ተስፋዬ
አበባየሁ፣ ያንተ ከባድ ነው። ውሉ በእውነት ለተወሰነ ሥራ ነበር ወይስ ቋሚ ሥራ በዓመት እየተቆራረጠ ነበር የሚለው ያከራክራል። ውሎችህን ሁሉ ሳላይ አልወስንም። አንድ ነገር ግን አደራ፤ «በስምምነት ለቅቄያለሁ» ወይም «ምንም የምጠይቀው የለም» የሚል ወረቀት አትፈርም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ጊዜው 3 ወር ነው። ክፍያ ለመጠየቅ 6 ወር አለህ። በ«ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» ያ ጊዜ ሲያልፍ ብዙ አይቻለሁ።

ሀናም ስሚ፤ ክፍያው ውልሽ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ንብረት በራስሽ ጥፋት ካዘገየሽ ግን ጊዜውን ማራዘም ይችላሉ። ላፕቶፑንና መታወቂያውን ዛሬውኑ አስረክቢ፣ የርክክብ ደረሰኝም ያዢ። ያለ ደረሰኝ ያዘገየሽው አንቺ ነሽ ይሉሻል።

ሰላማዊት
አመሰግናለሁ ጋሼ። አሁን ወደ ማሻሻያው። የሀና ወርሃዊ ወጪ 16,000 ነው፦ ኪራይ 6,000፣ አስቤዛ 5,500፣ ትምህርት ቤት 2,000፣ እቁብ 1,500፣ ትራንስፖርት 1,000። እንደ ደንባችን 45,000 ብንቆርጥባት 70,000 ይቀራታል። ያ አራት ወር ከጥቂት ቀን ነው። ብድሯን በወር 2,000 እየከፈለች ብትቀጥልና ወጪዋ ወደ 12,500 ቢወርድ ግን 115,000ው ስምንት ወር ሊደርስ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው የእኛ አንቀጽ ነው።

ሀና
እቁቡን ማቆም አልችልም፣ ዕጣ ወጥቶልኝ በልቻለሁ። አራት ወር ይቀረዋል። የሚቀንሰው አስቤዛና ትራንስፖርት ነው። ስለዚህ 12,500 የሚሆነው ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ነው። እስከዚያ 14,000 በሉት።

ሰላማዊት
እንግዲያው አስተካክላለሁ፣ ሰባት ወር ከምናምን።

እሌኒ
ሰባት ወር ብዙ እንዳይመስላችሁ። እኔ ባለፈው ዓመት ተቀንሼ ሥራ የጀመርኩት በሰባተኛው ወር ነው። አንድ ማመልከቻ ሁሉ ነገር ቢቀናው እንኳ ሁለት ወር ከግማሽ ወሰደ። ማስታወቂያው ለ10 ቀን ወጣ። ለፈተና የተጠራሁት ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ የቀድሞ አለቃዬን መጠየቅ፣ ከዚያ ውል። የመጀመሪያ ደመወዝ ደግሞ ሌላ ወር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያቃጠልኩት በራሴ ስህተት ነው። ለነበርኩበት ዓይነት ፕሮጀክትና ለዚያው የሥራ መደብ ብቻ አመለክት ነበር። አብረውኝ የተቀነሱትም ለዚያው ነበር የሚያመለክቱት። በስምንተኛው ሳምንት 15 ቦታ አመልክቼ አንድም ፈተና እንዳልተጠራሁ ቆጠርኩ። ያኔ ነው ሲቪዬን ለግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል እንዲሆን አድርጌ የጻፍኩት። ደመወዙ በ5,000 ያንሳል፣ ግን ገባሁ። ፈተና እየተጠራችሁ የምትወድቁ ከሆነ ግን ችግሩ ሲቪው አይደለም፣ ለፈተናው መዘጋጀት ነው።

ብርሃኑ (ገንዘብ ያዥ)
ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን የእኔንም ስሙኝ። የሰባቱ ብድር ሲደመር 260,000 ነው። ይህ የሌላው አባል ቁጠባ ነው። ብድር ያለባቸው ሁሉ በአንድ ላይ መክፈል ቢያቆሙ በመጪው ሩብ ዓመት ብድር ለሚጠብቁት የምሰጠው የለኝም። ዋሶቹስ? አንዳንዱ ዋስ ራሱ ከተቀነሱት ነው።

ጋሽ ተስፋዬ
ዋሱን በደንብ አነሳኸው። ራሱ የተቀነሰ ዋስ ይተካ። የሀና ቁጠባ 28,000 እኛው ጋር ነው፣ እሱ መያዣ ሆኖ ይቀመጥ። ያልተሸፈነው 17,000 ብቻ ነው። ለሌሎቹም እንዲሁ አስላ።

ዳዊት
ደመወዝ ላይ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይቆረጥም አይደል? ታዲያ የስንብት ክፍያውን እንዴት ሙሉ በሙሉ እንወስዳለን?

ጋሽ ተስፋዬ
ለወር ደመወዝ ልክ ነህ። ሀና ብድሩን ስትወስድ ግን ከመጨረሻ ክፍያዬ ይቆረጥ ብላ ፈርማለች። ያ ፊርማ የስንብት ክፍያንም ይይዛል ወይ የሚለውን ጠበቃ ይመልከተው። በእኔ ግምት ብቻ አላስፈርማችሁም።

ሰላማዊት
እስካሁን የተስማማንበትን ልጻፍ። «በቅነሳ የተሰናበተ አባል ቀሪ ብድር ከስንብት ክፍያው አይቆረጥም። አባሉ የስንብት ደብዳቤውን በ15 ቀን ውስጥ ያቀርባል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ወለድ ብቻ፣ ከዚያ በግማሽ ክፍያ ይቀጥላል። ቁጠባው መያዣ ይሆናል፣ የተቀነሰ ዋስ ይተካል።»

ብርሃኑ
ግማሽ ክፍያው እስከ መቼ? ገደብ ካልተጻፈበት አልፈርምም። እኔ 6ኛው ወር ላይ ይቁም እላለሁ።

እሌኒ
6ኛው ወር ላይ እኔ ገና ቃለ መጠይቅ ላይ ነበርኩ። 9 ይሁን።

ሰላማዊት
ሁለቱንም አማራጭ ለጉባኤው አቀርባለሁ፣ ድምፅ ይሰጥበት።

ሀና
ላፕቶፑን አሁን አስረክቤ ደረሰኙን ይዤ ወጣሁ። ውሌ ዛሬ ተቋረጠ። ሰባቱን የሥራ ቀን ከነገ ጀምሬ እቆጥራለሁ።

አበባየሁ
ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት አምስቱንም ውሎቼን ይዤ እቤትዎ እመጣለሁ።