አልጋ ላይ ለማንበብ የአባጁራ ቁመት፣ ቆብና አምፖል እንዴት ይመረጣል?

የአቶቴዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም የሐዋሳ ሰዎች። ማታ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፌ ነው የማነበው። ኮመዲኖ ላይ ያለው አባጁራ ጣራውን ያበራና ገጹን ጨለማ ያደርግብኛል። 5 ዋት የነበረውን አምፖል በ9 ዋት ብቀይረው የባሰው የባለቤቴ እንቅልፍ ነው። ኮመዲኖው 50 ሴንቲሜትር ነው፤ አባጁራው ከነቆቡ 38። ቆቡ ቡናማ ጨርቅ ሆኖ ከላይ እስከ ታች እኩል ጠባብ ነው። አዲስ ልግዛ ወይስ ይስተካከላል?

ገብሬ 7፦ ችግሩ አምፖሉ ነው። 12 ዋት ነጩን ግዢ፣ ቀን ይመስልሻል። ደግሞ በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያጠፋል።

የታቦር ልጅ፦ መብራት ሲጠፋ እኔ የምጠቀመው ቻርጅ የሚደረገውን ነው፤ ሦስት ሰዓት ይቆያል። ፒያሳ ሞልቷል።

የአቶቴዋ፦ ኧረ ወንድሜ፣ መብራቱስ አለ!

ሽቦ አውቃለሁ፦ እህቴ፣ ምንም ከመግዛትሽ በፊት ሁልጊዜ እንደምታነቢው ሆነሽ ተደገፊና ሰው ይለካልሽ። ከወለሉ እስከ ዓይንሽ፣ እስከ መጽሐፉና እስከ ቆቡ የታች ጠርዝ ስንት ነው?

የአቶቴዋ፦ ዓይኔ 110፣ መጽሐፉ 85፣ የቆቡ ጠርዝ 72።

ሽቦ አውቃለሁ፦ በቃ ተገኘ። መጽሐፍሽ ከቆቡ ጠርዝ በ13 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ከቆቡ ሥር የሚወጣው ብርሃን ወደ ታች ስለሚወርድ ኮመዲኖው ላይ ይቀራል፤ ከላይ የሚወጣው ደግሞ ጣራ ይመታል። ገጹ ጋ የሚደርሰው ጨርቁን አልፎ የመጣው ብቻ ነው፣ ቡናማ ጨርቅ ደግሞ አብዛኛውን ይውጠዋል። ዋት ስትጨምሪ ጣራው ብቻ የደመቀው ለዚህ ነው። ገብሬ ነጩ አምፖል ፊደሉን ያጎላል ካለ አልከራከርም፣ ግን በዚህ ቁመት 12 ዋትም አይጠቅምሽም። ዓይንን ደብዛዛ ብርሃን ያደክመዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጠርዙ ከዓይንሽ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ 105 አካባቢ። ከዓይንሽ በላይ ከሄደ አምፖሉ ራሱ ፊትሽ ላይ ያበራል። ቆቡ ከታች ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ነጭ ይሁን፤ የታች አፉ 34 ሴንቲሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል። መብራቱን አጥፍተሽ በክር ሞክሪው። ክሩን ከአምፖሉ አስነሺና የቆቡን የታች ጠርዝ አስነክተሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ መጽሐፉ ሳቢው። ከገጹ በላይ ካለፈ ብርሃኑ ይደርሳል፤ ገጹ ሳይደርስ ፍራሹ ላይ ካረፈ ግን አይደርስም። ያኔ አምፖሉን ቆቡ ውስጥ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃ ይሆናል።

ለአምፖሉ ወደ 5 ወይም 6 ዋቱ ኤልኢዲ ተመለሺ። ካርቶኑ ላይ ከዋቱ ይልቅ የብርሃኑን መጠን የሚናገረውን ሉመን እዪ፤ 450 ገደማ ለአንድ አንባቢ ጥሩ ነው። ቀለሙ ቢጫው፣ 3000 ኬልቪን የተባለው ይሁን።

እማማ ዘውዴ፦ ልጄ፣ ለእኔ 450ው አልበቃኝም። ዕድሜዬ 67 ነው፣ 800 አስገብቼ ነው የማነበው። ለአንቺ ወጣት ከሆንሽ ይበቃል። ደግሞ አጎበር ካላችሁ መብራቱ አጎበሩን ከውጭ ሲመታው መረቡ ራሱ ነጭ መጋረጃ ይሆናል፣ ገጹም ይደበዝዛል። እኔ በመብራቱ በኩል ያለውን ከፍቼ አነባለሁ፣ ትንኙ ግን አይምረኝም።

ሽቦ አውቃለሁ፦ እማማ ልክ ነዎት፤ አጎበሩን ረስቼው ነበር። መብራቱን ወደ አጎበሩ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ካለ ትንሽ ቆንጣጭ ኤልኢዲ ይጠቀም። የድሮው የሚግለው አምፖል መረብ አጠገብ አይቅረብ።

የአቶቴዋ፦ ዛሬ ማታ ለሙከራ በሁለት የእንጨት ሣጥን 33 ሴንቲሜትር ከፍ አደረግኩት፣ ከታች የሚሰፋ ነጭ ቆብም ከእህቴ ተዋስኩ። በ5 ዋቱ የመጽሐፉ ሁለቱም ገጽ እኩል በራ። ግን ሣጥኑ ይወዛወዛል።

ሽቦ አውቃለሁ፦ እንዲያ አይቆይ፣ ሌሊት እጅሽ ይጥለዋል። ወይ እግሩ የሚረዝም አባጁራ ግዢ፣ ወይ ግድግዳ ላይ በዚሁ 105 ያሠሪው። ለባለቤትሽ ደግሞ በእሱ በኩል ያለውን የቆቡን ውስጥ ወፍራም ወረቀት አልብሺው፤ አምፖሉን ግን እንዳይነካ።

የአቶቴዋ፦ እሺ። ከድካም በጎኔ ስተኛ ግን ከሥር አምፖሉን አየዋለሁ።

ሽቦ አውቃለሁ፦ ያኔ ዓይንሽ ወደ 75 ወርዷል። ለሁለቱም አቀማመጥ የሚሆን አንድ ቁመት አላገኘሁም፤ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት ያላችሁ ካላችሁ ንገሯት።