ኦፕሬሽኑ 9 ቀን ቀረው፤ እማዬ የነጭ ሽንኩርት እንክብሏን ታቁም?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ለሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ተቀጥራለች፣ የቀረን 9 ቀን ነው። እህቴ ከአሜሪካ የላከችላትን የነጭ ሽንኩርት፣ የጊንኮና የጂንሰንግ እንክብል በየቀኑ ትወስዳለች። ለሐኪሙ አልነገረችም። "ቅጠል እኮ ነው" ትላለች። ችግር አለው?

የመንዝ ልጅ፦ የደም መርጋት ምርመራዋ ደህና ከሆነ አትጨነቅ። ለእኔም ያንኑ አይተው ነው ያስገቡኝ።

ማደንዘዣ ላይ የምሠራ፦ ዛሬውኑ ሦስቱንም ታቁም። የመንዝ ልጅ፣ ምርመራው ጥሩ ነው፣ ግን የተለመደው ምርመራ ይህን አያሳይም። ደም ሲፈስ መጀመሪያ ቀዳዳውን የሚደፍኑት ፕላትሌቶች ናቸው። ነጭ ሽንኩርትና ጊንኮ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጓቸዋል። ቁጥራቸው ሙሉ ሆኖ ሥራቸው ሊደክም ይችላል። ነጭ ሽንኩርት የነካው ፕላትሌት ላይድን ስለሚችል ሰውነት አዲስ እስኪተካ መጠበቅ ነው፣ ለዚህም ነው ቢያንስ 7 ቀን የሚባለው። ጊንኮ ከ36 ሰዓት በኋላ ይወጣል ይባላል። ብዙዎቻችን ግን ለሁሉም 2 ሳምንት እንመርጣለን።

ጂንሰንግ ደግሞ ስኳር ያወርዳል። እናትህ ከእኩለ ሌሊት ጀምራ ሳትበላ ነው የምትገባው። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ደግሞ ላብ ላብ አለኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ አይልም።

እቴቴ ከሸዋ ሮቢት፦ እኔ ጥርስ ሳስነቅል ደሜ እስከ ማታ አልቆመም፣ ጥጡን አራት ጊዜ ቀየርኩ። ለግፊቴ ብዬ ጠዋት ጠዋት ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን እበላ ነበር። ከዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጄ፣ ታዲያ ወጥም ትተው?

ማደንዘዣ ላይ የምሠራ፦ እቴቴ፣ ወጥ ውስጥ የበሰለው አያሳስብም። እንደ መድኃኒት በየቀኑ የሚበላው ጥሬው ግን እንደ እንክብሉ ይቆጠራል።

አንባቢ፦ እንግዲያው የግፊት ኪኒኑንም ሁሉንም ታቁመው፣ ይሻላል።

ማደንዘዣ ላይ የምሠራ፦ ኧረ በፍጹም! የታዘዘላትን ኪኒን ያለ ሐኪም አታስቁም። ግፊቷ ሊያሻቅብ ይችላል። ደም የሚያቀጥን ኪኒን ካለ ደግሞ ቀኑን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ የስኳር ኪኒን አላት። ብልቃጦቹን አሁን አየኋቸው፣ አንዱ ላይ ሦስቱም አንድ ላይ ተቀምመዋል፣ ሌላ የማላውቀው ስምም አለ።

ማደንዘዣ ላይ የምሠራ፦ የስኳር ኪኒን ካለ ጂንሰንጉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ብልቃጦቹን በፌስታል አድርገህ ነገውኑ ይዘህ ሂድ፣ ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ ራሳቸው ያንብቡት። መጨረሻ የወሰደችበትን ቀንም ጻፍላቸው። 9 ቀን ለነጭ ሽንኩርቱ ይበቃል ብዬ አስባለሁ፣ ያ የማታውቀው ስም ግን ምን እንደሆነ ሳይታይ ቀጠሮው ባለበት ይጽና ወይም ይገፋ ማለት አልችልም።

ጠያቂ፦ እሺ። እማዬ ቅር ብሏታል፣ ግን ብልቃጦቹን አስረክባኛለች።